የጥቅምት ሚካኤል ኪራይ

የምኖርበት ቤት ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ዳር ያለ ሁለት ክፍል ነው። ቆርቆሮው ሲዘንብ ሰው አያነጋግርም፣ በሩ ክረምት ሲገባ አብጦ አልዘጋ ይላል፣ ውሃው ደግሞ ሲያሰኘው ይመጣል። ይህን ሁሉ እያማረርኩ ቤቱ ላይ የሙጥኝ ያልኩት በእናቴ ምክንያት ነው።

እናቴን ዓይኗ ከጠፋ በኋላ ከገጠር አመጣኋት። መጀመሪያ ላይ ከአልጋዋ አትወርድም ነበር። እኔ ሥራ ስውል እሷ እዚያው እንደተቀመጠች ትውላለች። ከዚያ ቀስ በቀስ ግድግዳውን በእጇ እየዳበሰች ግቢውን ተማረችው። ደረጃው የት ላይ እንዳለ፣ ቧንቧው በየት በኩል እንደሆነ፣ የልብስ ማስጫው ገመድ አንገቷን እንዳይዛት የት ላይ ጎንበስ ማለት እንዳለባት ሁሉንም ለመደች። አሁን ማንንም ሳትጠራ ትወጣለች፣ ትገባለች፣ ፀሐይ ትሞቃለች፣ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ሽንኩርት እየላጠች ሰው ታማለች። ሌላ ቤት መግባት ማለት ለእሷ እንደገና መታወር ነው።

የቤቱ ባለቤት መሪጌታ ናቸው። ቤቱን የሠሩት ከተማ ሳሉ ሲሆን፣ ጉልበታቸው ሲደክም ወደ ትውልድ መንደራቸው ወደ ይጁቤ ተመልሰው እዚያ ድጓ ያስተምራሉ። ኪራዩን በየወሩ እስከ ሚካኤል ድረስ በባንክ አስገባላቸዋለሁ። ባንኩ ገንዘብ ሲገባ ለባለ ሒሳቡ መልእክት ይልካል፤ የእሳቸው መልእክት ግን የሚሄደው ድሮ ወደጠፋባቸው ስልክ ነው። «ቁጥሩን ያስቀይሩ እንጂ» ባልኳቸው ቁጥር «እሺ፣ አስቀይራለሁ» ይላሉ፣ እንዳሉም ይቀራሉ። ስለዚህ ሥርዓታችን ይህ ነበር፦ ከፍዬ እንዳበቃሁ ቀኑን፣ የብሩን መጠንና የደረሰኙን ቁጥር ጽፌ እልክላቸዋለሁ። መልስ አይሰጡም። ዝም ካሉ ደርሷል ማለት ነው።

የፊት ለፊቱ ክፍል መንገድ ስለሚያይ አንድ ነጋዴ ስልክ ሊሸጥበት ቤቱን ከነጓዳው ሲፈልገው ቆይቷል። ከእኔ የተሻለ ኪራይ እሰጣለሁ እያለ መሪጌታን ሲለማመጣቸው እሳቸው «አንዲት ዓይነ ስውር አሮጊት አለችበት፣ አላስወጣም» ብለው መልሰውታል። ይህን ራሱ ነጋዴው ነው የነገረኝ፣ በብስጭት። እኔም ለመሪጌታ ውለታው አለብኝ ብዬ ኪራዩን አሳልፌ አላውቅም። ያሳለፍኩት አንድ ጊዜ፣ ሰኔ ላይ ነው። እናቴ ታማ ሆስፒታል ስለነበርን በሃያ ሁለት ከፈልኩ፤ ደውዬ ይቅርታ ስጠይቅ «አንቺ ብቻ እናትሽን አስታሚ» አሉኝ።

እስከዚያ ድረስ የምከፍለው ባንክ ሄጄ፣ ተሰልፌ ነበር። በጥቅምት ወር ግን ስልኬ ላይ የባንኩን አገልግሎት አስጀመርኩና ከመሥሪያ ቤቴ ወንበር ሳልነሳ ላክሁት። የምሠራው ኮሌጅ ውስጥ መዝገብ ቤት ነው፤ ያን ቀን ማስረጃ የሚፈልጉ ተማሪዎች መስኮቱን አንቀው ይዘውታል። ከባንኩ የመጣልኝን መልእክት እያየሁ በጥድፊያ ጻፍኩ፦

«ጤና ይስጥልኝ መሪጌታ። የጥቅምት ኪራይ 4,000 ብር ወደ ሒሳብዎ አስተላልፌያለሁ። ቀን 22/10። የደረሰኙ ቁጥር መጨረሻ 7K3Q።»

ባንኩ ዓመቱንም ጽፎታል። ዓመቱ ምን ያደርግላቸዋል ብዬ ተውኩት። ቀኑን ሙሉ ደብዳቤ ላይ ቀን ስጽፍ የምውል ሰው ነኝ እንግዲህ።

መሪጌታ ዝም አሉ። እኔም ደርሷል ብዬ ተቀመጥኩ። ከሳምንት በኋላ ግን ማታ ቤት ሳለሁ ደወሉ፤ እሳቸው ደውለው አያውቁም።

«ከአንቺ ይህን አልጠብቅም ነበር» አሉ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው። «አሮጌ ደረሰኝ አድሰሽ ትልኪልኝ?»

«የምን አሮጌ ደረሰኝ?»

«ብሩ አይደለም የከነከነኝ። ማንበብ እንደማይችል ሰው መቁጠርሽ ነው። ለዚያ ለነጋዴው ቃሌን ሰጥቻለሁ፤ ቀብድም ልኮልኛል። እስከ ወሩ መጨረሻ ቤት ፈልጊ።»

«መሪጌታ፣ እኔ ከፍያለሁ፤ ለምን ቤት እለቃለሁ? ባንክ ሄደው ይጠይቁ» አልኩ።

«ሄጃለሁ። ሲስተም የለም አሉኝ፤ ዛሬም የለም፤ ነገም አይኖርም። እኔ የማውቀው የጻፍሽልኝን ነው።»

ስልኩን ዘጉት። መልሼ ብደውል አላነሱም። ንዴቴ ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ አሁን ሳስበው ያስቀኛል። በሕይወቴ ሌባ ተብዬ አላውቅም። ከንዴቱ ሥር ደግሞ ፍርሃት ነበር፤ በዚህ ኪራይ፣ ለእናቴ የሚመች ግቢ ከየት አገኛለሁ? ለእናቴ ምንም አልነገርኳትም።

በማግሥቱ ፈቃድ ወስጄ ባንክ ሄድኩ። ልጅቷ ኮምፒውተሩን አየችና «ገብቷል፣ ያኔውኑ ነው የገባው» አለችኝ። ደረሰኙን አትማ ማኅተም መታችልኝ። በቀጥታ መናኸሪያ ሄጄ የይጁቤ ሚኒባስ ያዝኩ። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን እያሰናዳሁ ሄድኩ። ጤፉ ቢጫ መሆን ጀምሯል፤ ሌላ ቀን ቢሆን አይቼው ደስ ይለኝ ነበር።

መሪጌታ ከቤታቸው ደጅ መደብ ላይ ጋቢ ለብሰው ተቀምጠዋል። ያሰናዳሁት ንግግር ሁሉ እሳቸውን ሳይ ጠፋብኝ። እጅ ነሥቼ ወረቀቱን ሰጠኋቸው።

«ይኸው ማኅተም አለበት። አሮጌ የሚሉት የቱ ነው?»

መነጽራቸውን አድርገው አዩት፣ ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው የእኔን መልእክት ፈለጉ። ጣታቸውን ቀኑ ላይ አሳረፉ።

«እስቲ ይህን አንብቢልኝ።»

«ሃያ ሁለት፣ አሥር» አልኩ።

«አሥረኛው ወር ማን ነው?»

«ሰኔ» አልኩና አፌን እንደከፈትኩ ቀረሁ።

እሳቸው ግን ገና በነገራቸው ላይ ናቸው። «ሰኔ ሃያ ሁለት። እናትሽ ታማ የከፈልሽበት ቀን ነው፣ አልረሳሁትም። እሱኑ ደረሰኝ አውጥተሽ የጥቅምት ነው ትይኛለሽ። ባንኩም የጻፈልሽ ያንኑ ነው፣ ይኸው ሃያ ሁለት፣ አሥር።»

«መሪጌታ» አልኩ፣ «ባንክ የሚጽፈው በፈረንጅ ቀን ነው።»

ቀና ብለው አዩኝ። ያመኑኝ አልመሰለኝም። ለአንድ አፍታ ሁሉም ነገር እዚያው የሚቀር መሰለኝ፤ እንደ ማምለጫ የፈጠርኩት ይመስላላ። ከዚያ ወረቀቱ ላይ እኔ የተውኩት ዓመት ታየኝ።

«ዓመቱን ይዩት» አልኳቸው።

ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ዓመቱን በቀስታ አነበቡና ከንፈራቸው ሲቆጥር አየሁ።

«ሰባት ዓመት ቀድሞናል» አሉ።

«አዎ።»

«እኛ ገና አልደረስንበትም።»

በዚያ አላበቁም። መልእክቴና ወረቀቱ የአንድ ክፍያ መሆናቸውን ማወቅ ፈለጉ። የደረሰኙን ቁጥር መጨረሻ ከስልኩም ከወረቀቱም እያዩ፣ አንዱን ፊደል ከሌላው ጋር እያመሳከሩ፣ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ያ ሁልጊዜ ለምን እንደምጽፈው የማይገባኝ ቁጥር ነው ያን ቀን ያዳነኝ። ከዚያ ቀኑን በጣታቸው እየቆጠሩ ወደ እኛ አቆጣጠር መለሱት፤ በዓል ሲቆጥር ለሚኖር ለድጓ ሰው ይህ ቀላል ነው።

«ጥቅምት አሥራ ሁለት» አሉ በመጨረሻ። «ሚካኤል። በቀኑ ነው የከፈልሽው።»

ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። አፈሩ። እሳቸው ሲያፍሩ ንዴቴ ሁሉ በረደ፤ ይልቅ አሳዘኑኝ።

«ቀብዱ አለ» አሉ። «አምስት ሺህ ብር ነው። ውሉን የማፈርሰው እኔ ከሆንኩ እጥፉን መመለስ አለብኝ። የእሱ አምስት ሺህ እንዳለ አለ፣ አልነካሁትም። ሌላው አምስት ሺህ ግን ከኪሴ ነው።»

«እኔ ከፊሉን ልርዳዎት?» አልኩ፣ እምቢ እንደሚሉ እርግጠኛ ሆኜ።

«ግማሹን» አሉ። «እኔ ሳልጠይቅ ቃሌን ሰጠሁ፤ አንቺ ዓመቱን ቆርጠሽ ጻፍሽ። ጥፋቱ የሁለታችን ነው።»

ደነገጥኩ፣ ከዚያ ሳልፈልግ ሳቄ መጣ። እሳቸውም ሳቁ፤ ግማሹን ግን አልተዉልኝም። ምሳ ሳትበዪ አትሄጂም ብለው ባለቤታቸውን ጠሩ። እየበላሁ ሳለ ለነጋዴው ደወሉለት። የሰውየው ጩኸት እኔ ዘንድ ድረስ ይሰማል። መሪጌታ «ልክ ነህ፤ እጥፉን እልክልሃለሁ» እያሉ እስኪጨርስ ጠበቁት።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ደብረ ማርቆስ ገባሁ። ቤት ስደርስ እናቴ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ነጠላዋን አጣፍታለች፣ ጫማዋን አድርጋለች፣ ዘንጓን ይዛለች። አጠገቧ በአንሶላ የተቋጠረ ዕቃ አለ። ልብሷን በሙሉ፣ ሳህንና ብርጭቆዋንም ሳይቀር፣ እየዳበሰች ሰብስባ ቋጥራለች።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኳት።

«በስልክ ስታወሪ ሰምቻለሁ» አለች። «ቤት አግኝተሽ ስትመጪ እኔን ስትሰበስቢ እንዳይመሽብሽ ብዬ ነው።»

ትናንት ማታና ዛሬ ጠዋት አንድም ቃል አልተነፈሰችም ነበር። እኔ ለእሷ ደበቅኩ ስል እሷ ለእኔ ደብቃ ኖሯል።

«የትም አንሄድም» አልኳት። ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት። የፈረንጁን ቀን ስነግራት አልሳቀችም። ጫማዋን አወለቀች፣ ቋጠሮውን ወደ ጭኗ ጎትታ መፍታት ጀመረች። ጠበቅ አድርጋ ነበር ያሰረችው፤ ልርዳሽ ብላት እጄን ገፋችው።

አጠገቧ ተቀምጬ የቀብዱን ግማሽ ድርሻዬን በስልኬ ላክሁ። ከዚያ ለመሪጌታ ጻፍኩ። ብሩን ጻፍኩ፣ የደረሰኙን ቁጥር አንድ ፊደል ሳላስቀር ጻፍኩ፣ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር፣ ወሩን በስሙ፣ ዓመተ ምሕረቱን ሳልቆርጥ ጻፍኩ። ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት።

«አሁን ገብቷቸዋል?» አለች።

ስልኬ ወዲያው ጮኸ። ይህን ሁሉ ዓመት መልስ ሰጥተው የማያውቁት መሪጌታ ናቸው። «ደርሷል» ይላል፤ ከሥሩም ቀኑን ከነዓመተ ምሕረቱ ጽፈውታል።

«ገብቷቸዋል» አልኳት።

እናቴ ቋጠሮውን ፈታችው። ብርጭቆዋን አውጥታ ተነሳችና ግድግዳውን በእጇ ይዛ፣ ውሃ መጥቶ እንደሆነ ልታይ ወደ ቧንቧው ወጣች።