በፍሪጁ ውስጥ ያለው መስቀል

ደብረ ብርሃን ላይ ፍሪጅ መግዛት ጎረቤት ያስቃል። ከተማው ራሱ ፍሪጅ ነው ይላሉ። አስካለማርያም ወልደአረጋይ ባለፈው ጥቅምት፣ ውርጩ ሣሩን ነጭ ባደረገበት ሰሞን፣ አዲስ ፍሪጅ በጋሪ አስጭና ስትመጣ ጎረቤቷ ባዩሽ በሯ ላይ ቆማ፣ «ምነው እትዬ፣ ብርዱ አነሰሽ እንዴ?» አለቻት።

«ብርዱ ለኔና ላንቺ ነው። ወተት ቀን ፀሐይ ካየ ማታ ይኮመጥጣል» አለች አስካለማርያም፣ ጋሪው እንዳይንገጫገጭ በእጇ እየደገፈች።

ከዩኒቨርሲቲው በር ዝቅ ብላ ወተት ቤት ከከፈተች አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ጠዋት የገበሬውን ወተት የምትቀበል፣ የምታፈላ፣ እርጎ የምታረጋ፣ ከመምህርና ከተማሪ ጋር የምትከራከር እሷው ብቻ ናት። ሰው ኃይለኛ ይላታል። ውሸት ነው ማለት ይከብዳል። ግን ማንንም ቀድማ አትነካም፤ ከነኳት ደግሞ ነገሩ ዳር ሳይደርስ አትቀመጥም።

አንኮበር፣ ጎረቤላ ነው የተወለደችው። አባቷ መሪጌታ ወልደአረጋይ፣ እህል ወይም ወተት የሚገባበትን አዲስ ዕቃ ሁሉ በቢላዋ ጫፍ መስቀል ሳይጭሩበት ሥራ አያስጀምሩም ነበር። የቤታቸው ጎታ መስቀል ነበረው፤ የወተቱ ቅልም፣ የሊጡ ቡሃቃም እንደዚያው። ልጃቸውም ፍሪጁ በገባ ዕለት፣ ገና ሶኬቱ ሳይሰካ፣ በረዶ ቤቱን ከፈተችና «በስመ አብ» ብላ በውስጠኛው ግድግዳ ላይ ጣት የምታህል መስቀል ጫረች። ከውጭ ያላደረገችው ቀለሙን ላለማበላሸት ነው። ከዚያ ወተቷን አስገባች። ፍሪጁም እስከ ዐቢይ ጾም ድረስ አንድ ቀን አላሳፈራትም።

ጾም ሲገባ ወተት ቤቱ ሱፍ ቤት ይሆናል። አስካለማርያም ፍሪጁን ነቅላ፣ አጥባ፣ እንዳይሸት በሩን በማማሰያ ከፍታ አስቀመጠችው። ለፋሲካ ዋዜማ ስድስት ገበሬዎች ወተት ሊያመጡላት ቃል አስገብታለች። ከሁለት ወር ጾም በኋላ ከተማው ወተት ወተት የሚልበት ሳምንት ስለሆነ፣ ያን ጊዜ ያጣችውን ደንበኛ ዓመቱን ሙሉ አታገኘውም። ስለዚህ የደብረ ዘይት ማግስት ለሙከራ ሰካችው። ሞተሩ ይጮኻል፤ ውስጡ ግን አይቀዘቅዝም። በማግስቱም ያው ነው።

የዋስትና ካርዱን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ፣ ፍሪጁን እንደቆመ በጋሪ አስጭና ወደ ገዛችበት መደብር ሄደች። የመደብሩ ባለቤት ታምራት ነው፤ ጨዋ አነጋገር ያለው፣ የሚሸጥለትን ሰው ሁሉ «እናቴ» የሚል ሰው። ባለሙያው ሄኖክን ጠራላት። ሄኖክ ሰካው፣ ጆሮውን ወደ ሞተሩ ጣል አደረገና «ጋዙ ወጥቷል» አለ። ቀጥሎ በረዶ ቤቱን ከፍቶ በስልኩ መብራት ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

«እናቴ፣ ይሄን ቢላዋ ነክቶታል?»

«አዎ። እኔ ነኝ። መስቀል ነው» አለች ሳትጠራጠር።

ታምራት ካርዱን ተቀብሎ ከጀርባው ባለው ደቃቅ ጽሑፍ ላይ ጣቱን አሳረፈ። በረዶ በስለት በመፈንቀል ወይም በመቧጨር የሚደርስ ጉዳት በዋስትናው አይሸፈንም ይላል። «በዚህ ግድግዳ ውስጥ ጋዝ የሚሄድበት ቀጭን መስመር አለ፤ ቢላዋ ሲነካው ይበሳል። በየወሩ ነው የሚያጋጥመን። በክፍያ እንሠራልዎታለን፤ በነፃ ግን አይሆንም» አላት።

«እኔ በረዶ አልፈነቀልኩም። እኔ ቤት በረዶ አይጋገርም፤ ረቡዕና ዓርብ አጥፍቼ እጠርገዋለሁ። መስቀሉ ደግሞ ከገባበት ቀን ጀምሮ አለ። አምስት ወር ሲያቀዘቅዝ ጋዙ የት ሆኖ ይጠብቅ ነበር?»

ሄኖክ «ቀስ እያለ ሊወጣ ይችላል» አለ።

«ሊወጣ ይችላል ወይስ ከዚህ ሲወጣ አይተሃል?»

ሄኖክ የስልኩን መብራት አጥፍቶ ወደ ታምራት ዞረ። ታምራትም ብዕር አውጥቶ ካርዷ ላይ «የአጠቃቀም ጉድለት» ብሎ ጻፈና ማኅተም መታበት። ይህን ጊዜ ነው ነገሩ የከረረው። አስካለማርያም ፍሪጅ መበላሸቱን ትችለው ነበር፤ ዕቃ ነው፣ ይበላሻል። ዕቃ አያያዝ አታውቅም ተብሎ በማኅተም መጻፉ ግን አንገበገባት።

«ዕቃዬን መልሱልኝ» አለች።

«እዚሁ ይቆይና ይሠራልዎ።»

«እናንተ ዘንድ አድሮ ሌላ ቀዳዳ እንዲገኝበት? ጋሪውን ጥሩልኝ።»

ሰፈር ስትደርስ ባዩሽ ነገሩን ሰምታ ጠበቀቻት። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ብልጥ ናት እንጂ። «ለምን ትናገሪያለሽ? ስገዛውም ተጭሮ ነበር ማለት ነው። ማን አየሽ?» አለቻት።

«መስቀሉን ያደረግሁት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ለአንድ ጭረት ብለሽ ፋሲካን ያለ ፍሪጅ ልትውዪ ነው?»

«አባቴ ያስተማረኝን መስቀል፣ ዶሮ እንኳ ሳይጮህ ልካደው ትይኛለሽ? አልክድም። በረዶ ፈነቀለች መባልንም አልቀበልም። ሁለቱም እውነት ነው፤ እውነቱን ይዤ አስጠግነዋለሁ።»

ባዩሽ «እንግዲህ እውነትሽን አቀዝቅዢበት» አለችና ገባች።

በማግስቱ ደረሰኟንና ማኅተም ያረፈበትን ካርድ ይዛ ወደ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄደች። የሸማቾችን አቤቱታ የምትቀበለው ባለሙያ ሔራን የምትባል፣ ከአረርቲ ተዛውራ የመጣች ወጣት ናት። አቤቱታውን በጽሑፍ ተቀበለች፤ የደረሰኙንና የካርዱን ቅጂ አያያዘች፤ ከዚያም ለታምራት የጥሪ ደብዳቤ ጻፈች። ታምራትም በቀጠሮው ቀን ሄኖክን ይዞ መጣ። የተናገረው ያንኑ ነው፦ ጭረት አለ፣ ራሷም አምናለች።

ሔራን ወደ አስካለማርያም ዞር ብላ፣ «ጭረቱን ያምናሉ?» አለቻት።

«አምናለሁ። የማላምነው ጋዙ በዚያ መውጣቱን ነው። ቢላዋዬ መስቀል ጫረ እንጂ አልበሳም። እነሱ ጭረቱን እንጂ ቀዳዳውን አላዩም። ቀዳዳው ከመስቀሌ ላይ ከተገኘ የማስጠገኛውን እኔ እከፍላለሁ፤ ጽፌ እፈርማለሁ። ከሌላ ቦታ ከተገኘ ግን በነፃ ሊሠራልኝ እሱም ይፈርም።»

ታምራት ፈገግ አለ። ሥራውን ያውቃል፤ ከቢላዋ ጭረት ሥር ቀዳዳ ሲገኝ ብዙ ጊዜ አይቷል። «እፈርማለሁ» አለ። ሔራን ስምምነቱን በቃለ ጉባኤ ያዘችና ከሁለቱም ወገን ያልሆነ መርማሪ እንዲመጣ አደረገች፤ በከተማው የቴክኒክ ኮሌጅ የማቀዝቀዣ ጥገና የሚያስተምር ወርቅአገኘሁ የሚባል ሰው።

ምርመራው ረቡዕ ጠዋት ወተት ቤቱ ውስጥ፣ ሔራን፣ ታምራትና ሄኖክ ባሉበት ተደረገ። ባዩሽ ሳትጠራ መጥታ ከጥግ ተቀመጠች። ወርቅአገኘሁ ብዙ አይናገርም። የሞተሩን የጋዝ መሙያ ቱቦ ከፍቶ የግፊት መለኪያ ያለው የጎማ ቱቦ አገናኘና ከሲሊንደር ናይትሮጅን ለቀቀበት። «ቀዳዳ ካለ ግፊቱ የሳሙና አረፋ ይነፋል» አለ። ከዚያ የዕቃ ሳሙና በብርጭቆ በጥብጦ፣ አረፋውን በብሩሽ ነክሮ በቀጥታ ወደ መስቀሉ ሄደ።

እዚህ ላይ አስካለማርያም ፈራች። እስካሁን ስታወራ እጇን ታምነው ነበር፤ አሁን ግን ያን ቀን ቢላዋውን ምን ያህል ተጭና እንደነበር ማስታወስ አቃታት። ጠልቆ ቢሆንስ? አባቷ የጫሩት ሸክላና እንጨት ነው፤ እንዲህ ያለ ስስ ብረት አያውቁም ነበር። አረፋው ከተነፋ የምታጣው ፍሪጁን ብቻ አይደለም፤ ባዩሽም፣ ታምራትም፣ ሰፈሩም በመስቀሏ ሲስቁባት ይታያታል። ቢሆንም ዓይኗን አልነቀለችም።

አረፋው መስቀሉን ሸፍኖ ቆመ። ሁሉም አጎንብሰው ጠበቁ። ምንም አልተነፋም። ወርቅአገኘሁ ጠረገው፣ ደግሞ ቀባው፣ ደግሞ ጠበቀ። «ይሄ ላይ ላዩን ነው» አለ።

ቀጥሎ ፍሪጁን አዙሮ ከሞተሩ አጠገብ ተንበረከከ። የመዳብ ቱቦው የተበየደበት ቦታ ላይ ዘይት የነካው ጥቁር አቧራ ተለጥፏል። በጣቱ አሳያቸው፤ ጋዝ ሲወጣ የሞተሩን ዘይት ይዞ ይወጣል። አረፋ ቀባው። ትንሽ ቆይቶ የምስር ፍሬ የምታህል ኳስ ተነፋች፣ ፈነዳች፣ ሌላ ተተካች።

«የፋብሪካው ብየዳ ነው። ቢላዋ እዚህ አይደርስም» አለ ወርቅአገኘሁ።

ሄኖክ ተጠግቶ አየው። «ጀርባውን አላየሁትም» አለ ቀስ ብሎ። ለዚህ ቃሉ አስካለማርያም ወደደችው።

ታምራት ጉሮሮውን ጠራረገና፣ ጋዙና መለዋወጫው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ከፋሲካ በኋላ እንደሚሠራላት ተናገረ። «ወተቱ ግን ከፋሲካ በኋላ ልምጣ አይልም» አለች አስካለማርያም። ሔራን በአምስት ቀን ውስጥ ተጠግኖ ይመለስ፣ ካልሆነ ይቀየርላት ብላ ቃለ ጉባኤው ላይ ጨመረች። ታምራት አሰላሰለና መቀየሩን መረጠ።

ለሆሳዕና ሁለት ቀን ሲቀረው ተመሳሳይ ፍሪጅ በጋሪ መጣ፤ ታምራትና ሄኖክም ተከትለው። ታምራት የርክክብ ወረቀት አቀረበላት። አስካለማርያም መነጽሯን አድርጋ አነበበች። «ድርጅቱ በመልካም ፈቃዱ ቀይሮላቸዋል» ይላል።

«ፈቃድህ መልካም ቢሆን ኖሮ ንግድ ቢሮ ምን አስኬደኝ? በዋስትናው መሠረት ብለህ ጻፍ። አሮጌው ካርድ ላይ የጻፍከውንም ሰርዝና ፈርምበት። እኔ ዕቃ አያያዝ አውቃለሁ።»

«እናቴ፣ ፍሪጁ መጥቷል እኮ፤ ወረቀቱ ምን ያደርግልዎታል?»

«ማኅተሙን ስትመታበት ምን አድርጎልህ ነበር?»

ባለጋሪው «ላውርደው ወይስ ልመልሰው?» ብሎ ጠየቀ። «ጋሼ ታምራት እስኪጽፍ ይቆይ» አለችው። ታምራት በጋሪው ጠርዝ ላይ ወረቀቱን ዘርግቶ ጻፈ፤ አሮጌውንም ሰርዞ ፈረመ። ከዚያ እሷ ፈረመች።

ፍሪጁ ገብቶ ቦታውን ያዘ። ሄኖክ ሶኬቱን ሊሰካ ሲል አስካለማርያም «ቆይ» አለችው። ወደ ጓዳ ገብታ ቢላዋዋን ይዛ ተመለሰች። ባዩሽ በሳቅ ልትፈነዳ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። አስካለማርያም ማንንም ሳታይ በረዶ ቤቱን ከፈተችና የቢላዋውን ጫፍ ወደ ግድግዳው አስጠጋች።

«እናቴ» አለ ሄኖክ። ጎንበስ ብሎ በጣቱ የግድግዳውን እብጠት ተከትሎ አሳያት። «መስመሩ በዚህ ነው የሚሄደው። እዚህ ጥጉ ላይ ግን ባዶ ነው። እዚህ ያድርጉት።»

አስካለማርያም ቀና ብላ አየችው፤ ከዚያ ጥጉ ላይ «በስመ አብ» ብላ ጫረች።

«በል አሁን ስካው» አለችው።