ሰማዩን ያማሁበት ጠዋት

ክረምት በገባ ቁጥር ሬዲዮናችን ሲንጫጫ ሁላችንም አንድ ቃል ነበረን፤ «ሰማዩ ነው»። እውነትም ነቀምቴ ላይ ሐምሌ ሲገባ ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ያጉረመርማል፤ መብረቅ በሩቅ ባለፈ ቁጥር ማዳመጫው ውስጥ «ቸር!» ይላል። ንጉሡ ገና ዙፋናቸው ላይ ባሉበት ዘመን ነው። እኔ የሆስፒታሉ የሬዲዮ ሠራተኛ ነበርኩ። ከወንዝ ማዶ ካሉት ትንንሽ ክሊኒኮች ድሬሰሮቹ፣ የጤና ረዳቶቹ ማለቴ ነው፣ ይጠሩኛል፣ እኔ በኦሮምኛ እቀበላለሁ፣ ለፈረንጁ ሐኪም በእንግሊዝኛ አስተላልፋለሁ፣ የሱን ትእዛዝ ደግሞ መልሼ በኦሮምኛ እናገራለሁ። ሬዲዮው ድምፅ ማጉያ የለውም። የሚሰማው በአንድ የጆሮ ማዳመጫ ነው፤ እሱም የኔ ጆሮ ላይ ነው።

ያን ቀን ጠዋት አንድ የጉራጌ ነጋዴ ክፍሌ ገብቶ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ያለው፣ ገበያው ሁሉ የሚያውቀው ሰው ነው። ሚስቱ የዚሁ የወለጋ ልጅ ናት፤ የመጀመሪያዋን ልትወልድ እናቷ ዘንድ ማዶ ሄዳለች። ወንዙ ሞልቶ መንገዱ ከተቆረጠ ሰንብቷል። ሌሊቱን ምጥ እንደጸናባትና ክሊኒክ እንደወሰዷት ድሬሰሩ በማለዳ ነግሮኝ፣ «ቆይቼ እጠራለሁ፣ ባትሪዬ ደክሟል» ብሎ ዘግቷል። ነጋዴው ሰምቶ ሱቁን እንኳ ሳይቆልፍ ነው የመጣው።

«እህቴ፣ ምን አለ?» ይለኛል በየደቂቃው።

«ኦቦ፣ ገና አልጠራም አልኩ እኮ!» እለዋለሁ። ቁጡ ነኝ፤ ስፈራ ደግሞ ይብስብኛል።

ማዳመጫው ግን ይንጫጫል። ቸር፣ ቸር፣ ከዚያ ጭራሽ ዝም፣ ከዚያ መልሶ ቸር። «ምን አባቱ፣ ሰማዩ ነው» አልኩ እንደ ልማዴ። ከዚያ ነጋዴውን ለማየት አንገቴን ሳዞር ድምፁ ድርግም አለ፤ ስመለስ መጣ። መብረቅ በኔ አንገት መዞር ምን አገባው?

ተነሥቼ የአንቴናውን ሽቦ ነቀልኩት። የሰማዩ ጫጫታ ጠፋ፤ ስስ «ሽ» የሚል ድምፅ ብቻ ቀረ። ራሴን ወዘወዝኩ። ቸር! ጉድ ፈላ። ሰማዩ ስሙ በከንቱ ሲጠፋ ኖሯል፤ በሽታው ከጆሮዬ እስከ ሬዲዮው ባለችው ገመድ ላይ ነው። ስንት ቀን ሲያቋርጠኝ እንደከረመ እግዜር ይወቀው።

አንቴናውን መልሼ «ስፒናው ነው» አልኩ፤ ሁልጊዜ ስፒናው ነዋ። ካቻቢቴ አንሥቼ የስፒናውን ሽፋን ፈታሁ። ስቸኩል አንዷን ብሎን ጣልኳት፤ ነጋዴው ተንበርክኮ ከወለሉ ፈልጎ ሰጠኝ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይኼ ነው። ሁለቱም ሽቦዎች በየብሎናቸው ሥር ደህና ተቀምጠዋል። አጠበቅኳቸው፣ ገጠምኩ፣ አደመጥኩ። ቸር!

ያኔ ነው ያሰብኩት፤ ከዚያ በፊትማ ስደናበር ነበር። ገመዱን ጠረጴዛው ላይ እንዳይንቀሳቀስ በክንዴ ተጭኜ ስፒናውን ብቻ ሶኬቱ ውስጥ ወዲያና ወዲህ አዞርኩት። ዝም። ስለዚህ ስፒናውም ሶኬቱም ንጹሕ ናቸው። ቀጥዬ ስፒናውን ጨብጬ ገመዱን ከሥሩ ጀምሬ ጎበጥ ቀና፣ ጎበጥ ቀና እያደረግሁ ወደ ላይ ወጣሁ። ዝም፣ ዝም። ከስፒናው አንድ ስንዝር ያህል ላይ ስደርስ ቸር ቸር ቸር አለ። ላዩን ቢያዩት ገመዱን የሸፈነው ጨርቅ ደህና ነው፤ ውስጡ ነው የተቆረጠው።

ለምን እዚያ ጋ እንደተቆረጠም ወዲያው ገባኝ። ማታ ማታ ሬዲዮውን ዳንቴል እናለብሰዋለን። ገመዱ ከዳንቴሉ ሥር ተንጠልጥሎ ከታየ ዋናዋ ነርስ «ይኼ የሰካራም ቤት ነው?» ትለናለች። እናም ሁላችን አጥብቀን ማዳመጫው ላይ እንጠመጥመዋለን፤ ሁልጊዜ እዚያችው ቦታ ላይ ይታጠፋል። ንጽሕናችን ነው የበላው።

የተበላሸውን ቆርጬ ጥዬ ቀሪውን ስፒናው ላይ ልገጥም ምላጭ ሳነሣ ከማዶ ጥሪው መጣ። የድሬሰሩ ድምፅ በጫጫታው መሀል ይወጣል፣ ይጠልቃል። የዚያ ገመድ ሽቦ ክር ላይ የተጠመጠመች ስስ መዳብ ናት፤ ልግጠም ብል ጊዜ ይፈጃል፣ እስከዚያም አንድ ነገር አልሰማም። ገመዱን ቆልመም አድርጌ ጫን ስለው ድምፁ ጥርት አለ። ስለቀው ጠፋ። እኔ ደግሞ አንዱ እጄ ማይክሮፎኑን ይዟል፣ በሌላው እጽፋለሁ። ጥሪው ሲመጣ ያስጠራሁት ሐኪም ከፊቴ ቆሞ አፍ አፌን ያያል።

«ኦቦ፣ ና! እዚህ ጋ ያዝ። እንዲህ አጉብጠህ ተጫነው። ምንም ቢመጣ እንዳትነቃነቅ፣ አደራ!»

መጥቶ ያዘ። ጨርቅ ሲለካ የኖረ እጅ ነው፤ እንዳሳየሁት ያዘው።

«ሙጫን ዱኤራ» አለ ድሬሰሩ። ሕፃኗ ሞታለች፤ ሴት ነበረች። «ሃቲ ጂርቲ»፤ እናትየው አለች፣ ግን ደሙ አልቆም አለ፣ ባትሪው ሊሞት ነው፣ ምን ላድርግ?

አባትየው ከኔ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ሆኖ ዓይን ዓይኔን ያያል። የልጁን ሞት የያዘው ሽቦ በጣቶቹ መሀል ነው፤ እሱ ግን አይሰማም። ብነግረው እጁ ይለቃል። እጁ ከለቀቀ የሚስቱ መዳኛ ይቋረጣል። ወይ አምላኬ! ፊቴን እንደ ድንጋይ አድርጌ ለሐኪሙ ነጋዴው በማያውቀው በእንግሊዝኛ ነገርኩት። ሐኪሙም ነጋዴውን ላለማየት ወለል ወለሉን እያየ መለሰልኝ።

ማይክሮፎኑን ይዤ በኦሮምኛ አስተላለፍኩ፤ መርፌውን ውጋት፣ እምብርቷ ሥር ማህፀኗ እስኪጠነክር በእጅህ እሽ፣ እግሯን ከፍ አድርግ፣ ግሉኮስ ስቀልላት። ድሬሰሩ ይጠይቃል፣ እኔ እመልሳለሁ። አንዴ የነጋዴው ጣት ላላና ድምፁ ቸር ብሎ ሄደ። «ያዝ!» ብዬ ጮኽኩበት። ከንፈሩን ነክሶ ያዘ። ላቡ በጆሮው ሥር ሲወርድ አያለሁ፤ ጠረገም አላለ።

ስንት እንደቆየን እንጃ። በመጨረሻ ድሬሰሩ «ጠንክሯል፣ ደሙ ቀንሷል» አለ፤ «ዋቃዮ ይመስገን» ሊል ጀምሮ ባትሪው ሞተ።

ማዳመጫውን አወለቅሁ። ሐኪሙ የነጋዴውን ትከሻ ነካ አድርጎ ወጣ። ሚስቱ እንደተረፈች ነገርኩት፤ የሌላውን ከየት እንደምጀምር ግን ጨነቀኝ።

«ተዪው፣ አውቄዋለሁ» አለኝ። ድምፁ አልተሰበረም፤ እሱ ነው የገደለኝ። «በኦሮምኛ ያልሽውን ሁሉ ሰማሁ። ውጋት አልሽ፣ እሽ አልሽ፣ እግሯን አልሽ። ልጁን እንዲህ አድርግ ያልሽው አንድም የለ።»

«ታዲያ መቼ ገባህ?»

«መርፌውን ስትይ። ልጁ ደህና ቢሆን ሳትነግሪኝ መርፌ ባልጀመርሽ ነበር።»

ከመጀመሪያው ትእዛዝ ጀምሮ ያውቅ ነበር ማለት ነው። እኔ ስሸሽገው፣ እኔ ስጮኽበት፣ እያወቀ ይዞ ቆሟል። አለቀስኩ፤ ሰው ፊት አልቅሼ የማላውቅ ሴትዮ።

«ወንድ ነበር ሴት?» አለኝ።

«ሴት።»

«ሴት ከሆነች ብለን ስም አውጥተንላት ነበር» አለና፣ ስሟን ነገረኝ።