ጉዳዩ፦ ትብብር ስለመጠየቅ

በደርግ ጊዜ ገንዳ ውሃ አጠገብ በነበረ የመንግሥት የሰሊጥ እርሻ የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ ነበርኩ። ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላኝም። ጎንደር ታይፕ ተምሬ፣ በደብዳቤ አጻጻፍ ከክፍሉ አንደኛ ወጥቼ ነው የመጣሁት፤ ያን ዋልካ መሬት ስረግጥ መሬቱ እንዲያመሰግነኝ የምጠብቅ ይመስል ነበር። ያኔ የነበረኝ ኩራት ዛሬም ትዝ ሲለኝ ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

የእርሻው መካኒክ በዕድሜ አባቴን የሚያክሉ፣ ከደጋ ወርደው ቆላ ላይ ያረጁ ሰው ነበሩ። ጋሼ እላቸዋለሁ። ወባ ጥሎኝ የተነሳሁ ጊዜ ከባለቤታቸው ጋር ሆነው ሾርባ እየያዙ የጠየቁኝ እሳቸው ናቸው። እዚያ አገር ዘመዴ ማነው ብባል፣ እሳቸውን ነበር የምጠራው።

ሰፈሩ በሙሉ የሚጠጣው ከአንድ ጉድጓድ ነው። ውሃውን የሚስበው የናፍጣ ሞተር ግንቦት ላይ ቆመ። ናፍጣውን ሞተሩ ውስጥ የሚረጨው ኖዝል አልቆ ነበር። ጋሼ ፈትተው፣ አጥበው፣ መልሰው ገጠሙት፤ ጥቁር ጭስ ተፋና ቀጥ አለ። መተማ ዮሐንስ ያሉ አንድ ነጋዴ ከሱዳን ላስመጣላችሁ ብለው ነበር፤ ግን የመንግሥት እርሻ እንደፈለገ ከሱቅ አይገዛም። የሚገዛልን ጎንደር ያለው ግዥ ክፍል ነው፤ ለዚያ ደግሞ ደብዳቤ ያስፈልጋል።

ጋሼ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ቢሮ ገቡ። የሞተሩን ዓይነትና ቁጥሩን በቁራጭ ወረቀት ጽፈው ሰጡኝ። ከዚያ ጣታቸውን የወረቀቱ አናት ላይ አድርገው እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ እዚህ ጉዳዩ ከሚለው ላይ ቁጭ አድርጊው። ሁለት ኖዝል፣ ለመጠጥ ውሃ ሞተር፣ ሰኔ ሳያልቅ በይ።»

ሰኔ ሳያልቅ ያሉት ወዲያው የአረም ሠራተኛ ስለሚገባ ነው። ከጎጃምና ከወሎ በመኪና ተጭኖ የሚመጣው ሕዝብ ብዙ ነው፤ ውሃ ይፈልጋል።

እኔ ግን ሳቄ መጣ። ጉዳዩ የሚለው ቦታ ላይ ኖዝል ይጻፋል እንዴ? የሱቅ ማዘዣ መሰለኝ። የተማርኩት ደብዳቤ በትሕትና ይጀምራል፤ የበላይ አካል ደጅ ላይ ብረት አይወረወርም። እሺ ጋሼ ብዬ ሸኘኋቸውና «ጉዳዩ፦ ትብብር ስለመጠየቅ» ብዬ መታሁ። አንደኛው አንቀጽ ሰላምታ፣ ሁለተኛው እርሻው ለአብዮቱ ስላደረገው አስተዋጽኦ፤ ኖዝሉ ሦስተኛው አንቀጽ ውስጥ ገባ። ከታች «ኢትዮጵያ ትቅደም» አልኩበት። ሥራ አስኪያጁ አንብቦ፣ አይ ጽሕፈት ብሎ አድንቆኝ ፈረመ። ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ሰኔ ሙሉውን መልስ አልመጣም። ጋሼ በየሳምንቱ በበሩ ብቅ እያሉ ጠየቁኝ፤ እኔም ልከናል እኮ፣ ይመጣል እላለሁ። ሥራ አስኪያጁም ልከናል ይላል። መላኩን እንጂ መድረሱን ማን ያስባል። ሠራተኛው ገባ። ጋሼ ትራክተር ላይ በርሜል ጭነው ከወንዝ ውሃ ማመላለስ ያዙ። ክረምት ነው፤ ወንዙ የላይኛውን አገር ቆሻሻ ሁሉ ጠርጎ ነው የሚወርደው። አፍልታችሁ ጠጡ ተባለ፤ እርጥብ እንጨት እያጨሰ፣ ያን ሁሉ ሰው ማን አፍልቶ ያጠጣዋል? ሐምሌ ሲገባ ተቅማጥና ትውከት ጀመረ። ከሠራተኛው ብዙው ተኛ፤ ከዚያ ጋሼ ራሳቸው ወደቁ።

በነጋታው ሥራ አስኪያጁን አስፈቅጄ በጭነት መኪና ጎንደር ሄድኩ። መኪናው ጭቃ ውስጥ በሰመጠ ቁጥር ወርጄ ከወንዶቹ ጋር ገፋሁ። ልቤ ግን የጎንደሩን ግዥ ኃላፊ ሲሳደብ ነበር። ምን ዓይነት አረመኔ ነው፣ ሰው እያለቀ ደብዳቤ ላይ የሚተኛ እያልኩ።

አረመኔ አልነበረም። መነጽሩን በክር ያሰረ፣ የደከመው ሰው ነበር። ከፊቱ የደብዳቤ ክምር አለ፤ እያየሁት አንዱን አነሳ፣ ጉዳዩን አነበበ፣ ወደ ግራ አስቀመጠ፤ ሌላውን አነሳ፣ ጉዳዩን አነበበ፣ ወደ ቀኝ። ውስጡን አላነበበም። ከየአውራጃው ለሚጎርፍ ወረቀት እሱ ብቻውን ነው፤ እንዴት አድርጎ ያንብብ? የማን መልእክተኛ እንደሆንኩ ስነግረው ከክምሩ ሥር አንድ ወፍራም ፋይል ሳበ። ትብብር የሚሉት ሁሉ እዚያ ነበሩ። ለበዓል አዳራሽ የሚለምን፣ መኪና አውሱን የሚል፣ ባንዲራ የሚፈልግ። የእኔ ደብዳቤ መሀላቸው ተኝቷል፤ ሳይታጠፍ፣ ንጹሕ እንደሆነ።

አወጣና እስከ ሦስተኛው አንቀጽ አነበበ። ፊቱ ተለወጠ።

«ጓዲት፣ ይህ እኮ የመጠጥ ውሃ ነው» አለኝ። «ምን እንደምትፈልጉ፣ ስንት እንደምትፈልጉ፣ ለመቼ እንደሆነ ጉዳዩ ላይ ካልነገራችሁኝ በምን ላውቀው?»

ወረቀት ሰጠኝና እዚያው ጠረጴዛው ጫፍ ላይ በእጄ እንድጽፍ አደረገኝ፦ «ጉዳዩ፦ ለመጠጥ ውሃ ሞተር ሁለት ኖዝል ዛሬውኑ እንዲገዛልን»። ከሥሩ የሞተሩ ዓይነትና ቁጥር፣ ሌላ ምንም። ጠርዙ ላይ «በአስቸኳይ ይገዛ» ብሎ ፈረመ። ሌላ ጊዜ ከሦስት ነጋዴ ዋጋ ይሰበሰባል፤ ያን ቀን ራሱ ተነስቶ፣ ሠራተኛ አስከትሎ ወጣ። ከምሳ በኋላ ሁለቱ ኖዝሎች በዘይት ወረቀት ተጠቅልለው እጄ ገቡ። ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀም። ያ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ፤ ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀም።

ስመለስ ከመኪናው ሳልወርድ ድንኳኑን አየሁት። ጋሼ በዋዜማው አርፈዋል። በዚያ ክረምት ሬሳ ደጋ ድረስ አይሄድምና እዚያው ቆላ ቀብረዋቸዋል። ሾፌሩ ነው ደግፎ ያወረደኝ። ሞተሩን ከትራክተር ሾፌሮቹ አንዱ እየተጠራጠረ ገጣጠመው፤ ውሃው ወጣ፤ ሠራተኛው ባልዲ ይዞ ተጋፋ። እኔ አልጠጣሁም።

እስኪመሽ ሳልጠብቅ፣ በጠራራ ፀሐይ ባለቤታቸው ጋ ገባሁ። ነጠላቸውን አገልድመው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ልነግራቸው ነበር የሄድኩት። ከጉድጓዱ እስከ ቤታቸው ቃሉን ሳዘጋጅ ነው የመጣሁት፤ ጋሼ እንዲህ ጻፊ ብለውኝ ነበር፣ እኔ ነኝ እንቢ ያልኩት ልል።

እሳቸው ቀደሙኝ። «እሱ እኮ እስከ መጨረሻው ደብዳቤው መጣ ወይ ይል ነበር» አሉ። ከዚያ እጄን ያዙና ዓይን ዓይኔን እያዩ ጠየቁኝ። «ማነው ያዘገየው ልጄ?»

የያዘኝ እጃቸው ትኩስ ነበር። ዓይኔን በጨው አጥቤ «ጎንደር ነው እትዬ» አልኩ። «እዚያ ያለ አንድ ሰው ነው።»

ቀና ብለው ወደ ሰማይ አዩ። «የእጁን ይስጠው» አሉ።

እኔም «አሜን» አልኩ።