የመሳይ ብርሃን በግራ ነው

ስብሐት የሞተ ሰው ከአንድ ፎቶ ቆርጦ ሌላ ፎቶ ውስጥ ሲያቆም ፊቱ አይለወጥም። ሽሮ ሜዳን አልፎ ወደ ቁስቋም በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ ጠባብ ፎቶ ቤታችን ውስጥ እኔ አነሳለሁ፣ እሱ ኮምፒውተር ላይ ያስተካክላል። በአሥራ አንድ ዓመት ሲስቅ ያየሁት ሁለቴ ነው፤ ሁለቴም የሳቀው በእኔ ነው።

ክፉ ሰው አይደለም፤ ደንዝዟል እንጂ። ሥራው ነው ያደነዘዘው። እናቱ ሲያርፉ ለለቅሶው የሚሆነውን ፎቶ ያሰናዳው ራሱ ነበር። ከቀብር ስንመለስ፣ “ምንም አልተሰማኝም ቢኒ፤ የማስበው የአምፖሉን ቢጫ ከፊቷ ላይ እንዴት እንደማነሳው ብቻ ነበር” አለኝ። ያን ዕለት ጠልቼው ነበር።

ባለፈው የካቲት እትዬ ወለተማርያም መጡ። የልጃቸውን የናዝሬትን ሰርግ እንጦጦ ላይ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ወንድ ልጃቸው መሳይ ከሰርጉ ስምንት ወር በፊት ሞቷል። አንዲት ፎቶ ይዘዋል፤ መሳይ በፋሲካ ዕለት፣ ቤት ውስጥ፣ ብርጭቆውን ከፍ አድርጎ ቆሟል።

“እህቱ አጠገብ አቁምልኝ” አሉት ስብሐትን። “የሰርጉን ፎቶ እሱ ሳይኖርበት ግድግዳ ላይ አልሰቅለውም።”

ስብሐት “ነፍስ ይማር” እንኳ አላለም። ፎቶውን አየና፣ “አምፖሉ በግራ ነው” አለ።

የሰርጉ ፎቶ ላይ ፀሐይዋ ከቀኝ ናት። የሁሉም አፍንጫ ጥላውን ወደ ግራ ጥሏል። የመሳይ ደግሞ ወደ ቀኝ። ስብሐት መሳይን እንደ መስታወት ገለበጠው፤ በሙያችን ሁላችንም እናደርገዋለን። ከዚያ የአምፖሉን ቢጫ ወደ ሰማያዊ እየሳበ ቀነሰው። ሸሚዙን ፍጹም ነጭ አላደረገውም፤ የናዝሬት ቬሎም የከሰዓት ፀሐይ ነክቶት ትንሽ ሞቅ ያለ ነጭ ስለሆነ፣ ከእሱ ጋር አስተካከለው። እግሩ ሥር ጥላ ዘረጋለት፣ ከሌሎቹ ጥላ ጋር ወደ አንድ ወገን። እውነት ለመናገር፣ ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ሆኜ እንኳ መሳይ ሰርጉ ላይ ነበር ብዬ ላምን ትንሽ ቀርቶኝ ነበር።

እትዬ ወለተማርያም መነጽራቸውን አድርገው አዩት።

“ይሄ የኔ ልጅ አይደለም።”

“እሱ ነው፣ እትዬ” አለ ስብሐት።

“ብርጭቆውን በቀኝ ይዟል። መሳይ ግራኝ ነው! በቀኝህ ብላ እያልኩ፣ ግራውን እየመታሁ፣ አንዳንዴም እያሰርኩ ነው ያሳደግኩት። እምቢ ብሎኝ ሞተ። አንተ አሁን ቀኝ አደረግከው?”

ስብሐት ረጋ ብሎ ነገራቸው፤ ወደነበረበት ከመለሰው ብርሃኑ ከፀሐይዋ ጋር ይጣላል፣ ተለጥፎ የቆመ ይመስላል። ጥላውን በእጁ ልሳል ቢል ደግሞ ፊቱ የሌላ ሰው ይሆናል። ሌላ ፎቶ እንዳላቸው ጠየቃቸው።

“የለኝም። ስልኩ አብሮት ጠፋ” አሉ፣ ፎቷቸውን ወደ ቦርሳቸው እየመለሱ። “በቃ፣ ይቅር።”

እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኔ ነው። ያን ቀን መጀመሪያ ያነሳሁት ሰዎቹን ወደ ሌላ አቅጣጫ አቁሜ ነበር፤ ፀሐይዋ ከግራ። ከኋላቸው የቆመው ሚኒባስ አስጠልቶኝ ነው በኋላ ያዞርኳቸው። ያኔ ናዝሬት ዓይኗን እየጠረገች ስለነበር ያንን ፎቶ ለቤተሰቡ አልሰጠሁም፤ ሙሽራ እያለቀሰች ማን ይሰቅላል ብዬ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ አሁንም ዝም ልል ነበር፣ ግን ሴትየዋ በሩ ጋ ደርሰዋል።

“እትዬ፣ አንድ የደበቅኩት ፎቶ አለ” አልኳቸው።

ሲያዩት ቁጭ አሉ። “ታዲያ በወንድሟ እኮ ነው ያለቀሰችው” አሉ። “ይሄን ነው የምፈልገው።”

ስብሐት መሳይን ሳይገለብጥ አጠገቧ አቆመው። የሚኒባሱን ጥግ ሲቆርጠው፣ ቢጫውን ሲያበርደው፣ ጥላውን ሲዘረጋ የስብሐትን ፊት አየሁት። ምንም የለበትም። “የሸሚዙ ኮሌታ ትንሽ ቢጫ ቀርቶታል” አለ ለራሱ፣ እና አስተካከለው። እኔ በእሱ ተናደድኩ፣ ቀናሁበትም።

ፎቶው ታትሞ ሲወጣ እትዬ ወለተማርያም ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሉት። በጣታቸው ብርጭቆውን የያዘውን ግራ እጅ ነኩት፤ ሁለቴ መታ መታ አደረጉት፣ ቀስ ብለው።

“እሺ፣ በግራህ ጠጣ” አሉት።