የበራዱ እጀታና ሁለቱ ይቅርታዎች

በፋብሪካው ውስጥ ስሟን የሚያውቀው የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ሳይሆን አይቀርም፤ ሌላው ሁሉ «እትዬ ይቅርታ» ነው የሚላት። ፋብሪካው ላጠፋው ሁሉ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በደብዳቤ ይቅርታ የጠየቀችው እሷ ናት፤ ለተሰነጠቀው ክዳን፣ ለዘገየው ጭነት፣ አረንጓዴ ታዝዞ ቀይ ለተላከው ብረት ድስት። ራሷ ግን አንድም በራድ ሠርታ አታውቅም።

አንድ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ የሻይ በራድ በጨርቅ ጠቅልሎ አምጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ አኖረው።

«ውኃው ሲፈላ እጀታው ይላላል» አላት፣ በራዱ እንዳይሰማው የፈራ ይመስል ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አርባ አንደኛው ዙር ላይ የተመረቱት ብቻ ናቸው። ብሎኑ አጥሮ ነው። ለሁለቱም ገበያ ጻፊ።»

ሁለቱን ገበያ እንደ ሁለት አማት ታውቃቸዋለች። የባሕር ማዶዎቹ ሰላምታው ከአንድ መስመር ከረዘመ «ምን ልትደብቁን ነው?» ይላሉ። የድንበር ማዶዎቹ ደግሞ ጥፋቱን ገና በመጀመሪያው መስመር ካዩት ወዳጅነቱ ያበቃ ይመስላቸዋል። ደብዳቤውን አጥፈው ዝም ይላሉ፤ ዝምታቸው ከስድብ ይብሳል።

የባሕር ማዶውን ለመጻፍ ሩብ ሰዓት አልፈጀባትም። «የአርባ አንደኛው ዙር በራድ እጀታ ሲሞቅ ይላላል። ጥፋቱ የእኛ ነው። ዛሬውኑ መጠቀም ያቁሙ። በአሥር ቀን ውስጥ አዲስ እንልካለን።» የድንበር ማዶው ግን ግማሽ ቀን በላ። በጤናቸው ጀመረች፣ የአሥራ ሁለት ዓመቱን ወዳጅነት አነሳች፣ ያሳፈረ ጉድለት መገኘቱን ተናገረች፤ ከደብዳቤው ግርጌም «በራዱን እባክዎ አይጠቀሙበት» ብላ ጻፈች።

ሥራ አስኪያጁ አንብቦ ፊቱ በራ። «ግሩም ነው። ይቺ ‹አይጠቀሙበት› የምትለዋ ብቻ ከበደችኝ። ‹በጥንቃቄ ይያዙት› በያት።»

«ጌታዬ፣ እሷ ከወጣች ደብዳቤው ምን ቀረው?»

«ጨዋነቱ ቀረ» አላት።

ተከራከረች፤ ግን አልገፋችበትም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰውን ስታባብል የኖረች ሴት አለቃዋን መጋፈጥ አይሆንላትም። ቃሏን ሰርዛ የእሱን ጻፈች።

በሁለት ሳምንት ውስጥ የባሕር ማዶው በራድ በካርቶን በካርቶን ተመለሰ። ከአንዱ ጋር «ብሎኑ ለምን አጠረ? እሱን አልነገራችሁንም» የሚል ወረቀት ነበር። ከድንበር ማዶ ግን አንድም በራድ አልመጣም። የመጣው ከዋናው አከፋፋይ የተላከ የምስጋና ደብዳቤ ነው፤ ፋብሪካውን መርቀው ሲያበቁ ከዚያው በራድ ሁለት መቶ ተጨማሪ አዘዋል።

ሥራ አስኪያጁ «አየሽ?» አላት ደስ ብሎት። እሷ «ሁለት መቶ» የሚለውን ደግማ አነበበችው። ወጥቶ እስኪሄድ ጠብቃ ለአከፋፋዩ ደወለች።

«ጋሼ፣ ደብዳቤያችን ደረስዎት?»

«ደርሶኛል ልጄ፣ እንዴት ያለ ደብዳቤ ነው። ለቤተሰቡ ሁሉ አነበብኩት።»

«በራዱስ?»

ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በራዱማ ትናንት ምራቴ እጅ ላይ ከእጀታው ተላቆ ወደቀ። የፈላው ውኃ እግሯን ነካት። ደህና ናት፣ ቆዳዋ ብቻ ነው የተላጠው። ለእናንተ መንገሩ ነውር መሰለኝ፤ እንደዚያ አክብራችሁን።»

እትዬ ይቅርታ ወንበሯ ላይ ኩምሽሽ አለች። ከዚያ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ረቂቅ ይቅርታ ጠየቀች። ብሎኑን፣ ዙሩን፣ የተሰረዘችውን ቃል፣ ሁሉንም ነገረቻቸው። ዓረፍተ ነገሯ አልተቃናም።

«ልጄ» አሏት፣ «እኛ ሰላም በሉን እንጂ እውነቱን ደብቁን መቼ አልን? መጀመሪያ ሰላምታ፣ ከዚያ ‹ተዉት፣ ያቃጥላችኋል›። አለቃሽ ደግሞ በራሱ እጅ ይፈርም። ለምራቴም እሱ ራሱ ይደውልላት።»

በዚያው ቀን አዲሱን ደብዳቤ ይዛ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባች። ሰላምታው ሁለት መስመር ነው፤ ሦስተኛው ላይ «አይጠቀሙበት» ተቀምጧል፤ የዙሩ ቁጥርም እንደ ባሕር ማዶው ደብዳቤ በግልጽ ተጽፏል። ሥራ አስኪያጁ እስክሪብቶውን ወደ ሦስተኛው መስመር ሲያስጠጋ እጇን ወረቀቱ ላይ ጫነች።

«ሰላምታውን እንደፈለጉ ያሳጥሩት ወይ ያስረዝሙት፤ ይቺን ግን አይነኩም። የአከፋፋዩ ምራት ተቃጥላለች። ስልክ ቁጥሯ ይኸውልዎ።»

ቀና ብሎ አያት። ፈረመ። ከዚያ ቁጥሩን መትቶ በሩን እንድትዘጋለት ጠየቃት። በበሩ መስታወት ስታየው የአከፋፋዩን ምራት ቆሞ ነበር የሚያናግራት፣ ግንባሩን እየጠረገ።

ድንበር ማዶ ከተሸጡት ሦስት መቶ አርባ በራዶች ሦስት መቶ ሠላሳ አንዱ ተመለሱ። በወሩ መጨረሻ ስብሰባ ላይ ሥራ አስኪያጁ ደብዳቤውን ጮክ ብሎ አነበበና «ይህ የአጻጻፍ ስልቴ ነው» አለ። ተጨበጨበለት፤ እሷም አጨበጨበች። ወደ ክፍሏ ስትመለስ ስለ ቀሩት ዘጠኝ በራዶች ደወለች። ሽማግሌው ባለቤቶቹ ወደዋቸው አልሰጥ ብለው እንደሆነ ነገሯት።

«በሉ ስማቸውን አንድ በአንድ ይንገሩኝ» አለቻቸውና ወረቀት ሳበች።