የተገነጠሉት ገጾች

ጣሂር ሹፌር ነው። በዘጠናዎቹ ልጁ ሀጀራ ለፈተና ስትዘጋጅ የመለማመጃ መጽሐፍ ገዛላት፤ እንዳትኮርጅ ብሎ ግን የመልሶቹን ማብራሪያ ገንጥሎ ደበቀ። ብልጠት መሆኑ ነው! መልሱን ብቻ አይቶ ኤክስ ያደርግና «ደግመሽ ሥሪ!» ይላታል። ደግማ ያንኑ ትስታለች። በመጨረሻ ወደቀች።

ያኔ ማብራሪያውን አነበበው። አንዱ ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ ከተማሪዎቹ ሃያ በመቶው ቀርተው ሰማንያ መጡ፤ ሁሉም ስንት ናቸው? ሀጀራ የሰማንያን ሃያ በመቶ ደምራ ዘጠና ስድስት ብላለች። ማብራሪያው «ሃያ በመቶው የሚሰላው ከሁሉም ነው፤ ሰማንያው የሁሉም ሰማንያ በመቶ ስለሆነ መልሱ መቶ ነው» ይላል። ከሳተቻቸው አሥራ አንድ ጥያቄዎች ዘጠኙ በዚሁ ስሕተት ነበር። የአንድ ቀን ትምህርት ይበቃት ነበር!

ዛሬ ሀጀራ ለልጇ «እኔ ከተፈጥሮዬ ሂሳብ አይገባኝም፤ አያትሽን ጠይቂ» ትላለች። ጣሂር የተገነጠሉትን ገጾች ነገር እስካሁን አልነገራትም።