የማን አሥራ ሁለት?

ሱሉልታ የሯጮች ካምፕ ውስጥ የእኔ ሥራ ሰውና መኪና ማገናኘት ነው። አሠልጣኛችን ፈረንጅ ናቸው፤ ሾፌራችን ከጫንጮ የሚመጡ፣ ሁላችንም ኦቦ የምንላቸው አዛውንት። አንድ ጊዜ አሠልጣኙ «ኦክቶበር 12» ብለው የላኩትን፣ እኔ ጥቅምት 12 ብዬ ለኦቦ አስተላለፍኩ። የእሳቸው 12 ለካ የእኛ ጥቅምት 2 ነው። ሯጮቹ በር ላይ ቆመው ቀሩ። ሚኒባሱ ከአሥር ቀን በኋላ፣ ደቂቃ ሳያዛንፍ ደረሰ።

ከዚያ ወዲህ ሦስታችንም ጥንቁቆች ሆንን፤ የጨረሰንም እሱ ነው። አሠልጣኙ ለእኔ አዝነው በሐበሻ ሰዓት «ቅዳሜ 12 ሰዓት ወደ ገፈርሳ» ብለው ጻፉ። እኔ የፈረንጅ ሰዓት መስሎኝ ወደ ስድስት ቀይሬ ላክሁ። ኦቦ ደግሞ ነገሩ ከፈረንጅ የመጣ ነው ብለው ስድስቱን መልሰው አሥራ ሁለት አደረጉት። ሁለቱ ንጋት ላይ ተገናኝተው ሄዱ። እኔ እኩለ ቀን ላይ የውሃ ካርቶን ታቅፌ ስደርስ፣ ሯጮቹ ታጥበው ምሳ ቀርበዋል።

«ቁጥሩን ተይው፣ ልጄ» አሉኝ ኦቦ። «ዕለቱን ጻፊ፤ ጠዋት ይሁን ከሰዓት ጻፊ። ቅዳሜ እንደሆነ ለእሳቸውም ቅዳሜ ነው።»

ደስ ብሎኝ ለሁለቱም ላክሁ፦ «ቅዳሜ ጠዋት፣ ከቁርስ በፊት።»

ሁለቱም ወዲያው መለሱልኝ፦

«የማን ቁርስ?»